ከመስከረም ውስጥ ስንት ቃል ይወጣል?

አንድ የሰፈር የእንቆቅልሽ ክበብ አስተባባሪ ለአባላቱ የጻፈው ደብዳቤ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ደንቦቹ ስድስት ናቸው። ፊደል የቆጠረ ልጅም፣ ጡረታ የወጣ መምህርም አንዴ አንብቦ ሊጫወት ይችላል። ከእያንዳንዷ አጭር ደንብ ጀርባ ግን በአማርኛ ቃል የሚጫወት ሰው ሁሉ አንድ ቀን የሚያጋጥመው ክርክር አለ። ደብዳቤውን እናስቀድምና ደንቦቹ ለምን እንዲህ እንደሆኑ ቀጥለን እንያቸው።

«ለተከበራችሁ የሰፈራችን የእንቆቅልሽ ክበብ አባላት፣

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ከመጪው እሁድ ጀምሮ በየሳምንቱ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ በእድራችን አዳራሽ የቃላት ውድድር ስለምናደርግ እንድትገኙልን በአክብሮት እጋብዛችኋለሁ። የምትይዙት እርሳስና አንድ ወረቀት ብቻ ነው። የምንጫወተው ጥንድ ጥንድ ሆነን ነው፤ ከተቻለ አንድ ትልቅ ሰው ከአንድ ልጅ ጋር ይጣመር። ደንቦቹ የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፦ በየሳምንቱ አንድ እናት ቃል ሰሌዳ ላይ ይጻፋል። በ10 ደቂቃ ውስጥ ከፊደሎቹ የቻላችሁትን ያህል ቃል ትሠራላችሁ። አንድ ቃል ቢያንስ ሁለት ፊደል ይኑረው። እናት ቃሉ ራሱ አይቆጠርም።

ሁለተኛ፦ የፊደሉ ዘር ይጠበቃል፤ ድምፁን ግን እንደፈለጋችሁ መለወጥ ትችላላችሁ። እናት ቃሉ ላይ «መ» ካለ «ሙ»ም «ማ»ም «ም»ም ማድረግ ይቻላል። አንድ ዘር በእናት ቃሉ ውስጥ ካለው ቁጥር በላይ በአንድ ቃል ውስጥ አይደጋገምም።

ሦስተኛ፦ ሞክሼ ፊደላት እንደ አንድ ይቆጠራሉ። ዲቃላ ፊደላትም ከዘራቸው ጋር ናቸው።

አራተኛ፦ ስምና ቅጽል ሳይረቡ ይጻፋሉ። ግስ «ሰከረ» ወይም «መስከር» በሚል መልክ ይጻፋል፤ ከአንድ ግስ የሚቆጠረው ግን አንዱ ብቻ ነው።

አምስተኛ፦ የሰውና የቦታ ስም አይቆጠርም። የባዕድ ቃል አከራካሪ ሲሆን አዳራሹ እጅ አውጥቶ ይወስናል።

ስድስተኛ፦ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ነጥብ ይሰጣል። የእናት ቃሉን ዘሮች በሙሉ የተጠቀመ ቃል ተጨማሪ 5 ነጥብ ያገኛል። ነጥብ እኩል ሲሆን ረጅሙን ቃል የጻፉት ያሸንፋሉ።

በጨዋታው ሰዓት ስልክ ይዘጋል። ሻይ አለ።

ከአክብሮት ጋር፣
የክበቡ አስተባባሪ»

ደብዳቤው ሰው ከቤቱ ከመውጣቱ በፊት የሚጠይቀውን ሁሉ ይመልሳል፤ መቼ፣ የት፣ ምን ይዤ፣ ከማን ጋር፣ እንዴት ይሸነፋል። ከሁሉ በላይ አሳብ የጠየቀው ግን ሁለተኛው ደንብ ነው። ውድድሩን የሚያቆመውም የሚጥለውም እሱ ነው።

በእንግሊዝኛ የቃላት ጨዋታ የሚሠራው በ26 ፊደላት ነው። ስክራብል የተባለውን ጨዋታ በ1930ዎቹ በአሜሪካ የፈጠረው አልፍሬድ በትስ ሥራ የፈታ አርክቴክት ነበር። የትኛው ፊደል ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ከጋዜጦች ላይ እየቆጠረ የጨዋታውን ጠጠሮች መደበ። ጠጠሮቹ በጠቅላላው 100 ናቸው። በእኛ ፊደል ይህን ለማድረግ የተነሳ ሰው ገና ከመነሻው ይቸገራል። 33ቱ የፊደል ዘሮች እያንዳንዳቸው ሰባት ድምፅ ስላላቸው 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ ሲታከሉ ቁጥሩ ከዚያም ያልፋል። እያንዳንዱን ፊደል አንድ አንድ ጊዜ ብቻ በጠጠር ላይ ብንጽፍ እንኳን ጆንያ ያስፈልጋል፤ ከጆንያው ሰባት ጠጠር ያወጣ ተጫዋች ደግሞ አንድም ቃል ላይገጥምለት ይችላል። ስለዚህ አስተባባሪው ጠጠሩን ትቶ ወረቀትና እርሳስ መረጠ። ፊደሉን ከነድምፁ ማሰርንም ትቶ ዘሩን ብቻ አሰረ።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ ለማየት የመጀመሪያው እሁድ እናት ቃል «መስከረም» ነው እንበል። ፊደሎቹን እንዳሉ፣ ድምፃቸውን ሳንነካ እንጠቀም። «ስም» ይወጣል፤ «ምስ» ይወጣል። «መከረ»፣ «ከመረ» እና «ከረመ»ም ይገኛሉ። ከዚህ በኋላ እርሳሱ ይቆማል። «ሰከረ» ለማለት «ሰ» ያስፈልጋል፤ ያለን ግን «ስ» ነው። «ምክር» ለማለት «ክ» እና «ር» ያስፈልጋሉ፤ ያሉን «ከ» እና «ረ» ናቸው። አሥር ደቂቃው ሳይጋመስ አዳራሹ ዝም ይላል።

አሁን ድምፁን እንልቀቀው። በእጃችን ያሉት ዘሮች መ፣ ሰ፣ ከ፣ ረ እና አንድ ተጨማሪ መ ናቸው። ከሁለት ፊደል ስንጀምር ማር፣ ሰም፣ ክር፣ ኪስ፣ ራስ፣ ሱሪ እና ሞራ ይመጣሉ። በሦስት ፊደል ምክር፣ ክምር፣ መከራ፣ ሙከራ፣ ስካር፣ ኪሳራ፣ ምርኮ፣ መስክ፣ ምስር፣ ምሳር፣ ማሰሮ፣ ኮርማ እና ካስማ አሉ። በአራት ፊደል ምስክር፣ ሰካራም፣ ሚስማር እና መስመር ይሠራሉ። በሚስማርና በመስመር ውስጥ «መ» ሁለት ጊዜ ገብቷል፤ እናት ቃሉም ሁለት ስላለው ደንቡ ይፈቅዳል። «ክራር» ግን አያልፍም፤ «ረ» አንድ ብቻ ናትና። ልጆች መጀመሪያ የሚስቱት ይህንን ነው። ዳኛው ቃሉን ሲሰማ ዘሮቹን በጣቱ እየቆጠረ ከሰሌዳው ጋር ቢያስተያይ ስህተቱ ወዲያው ይታያል።

ሦስተኛው ደንብ ስለ ሞክሼዎች ነው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ በግእዝ የየራሳቸው ድምፅ ነበራቸው። በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ሆኖ ቅርጻቸው ብቻ ስለቀረ፣ አንዱ ሰው «ሣር» ሲል ሌላው «ሳር» ብሎ ይጽፋል። መስከረም ላይ ያለው እሳቱ «ሰ» ነውና «ሥራ» ወይም «ሥር» ብሎ የጻፈ ሰው ቃሉ ይሰረዝበት? የድሮ የቤተ ክህነት ተማሪ ቢጠየቅ በንጉሡ «ሠ» ነው የሚጻፉት ብሎ ይከራከራል፤ ክርክሩም የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን የእሁድ ጨዋታ በሆሄያት ሥርዓት የሚፈተንበት ቦታ ከሆነ ግማሹ አዳራሽ በሚቀጥለው ሳምንት አይመጣም። ስለዚህ ሁለቱም ይፈቀዳሉ፤ በአንድ ወረቀት ላይ «ሥራ» እና «ስራ» ከተጻፉ ግን የሚቆጠረው አንዱ ነው።

ዲቃሎቹም በዚሁ ይጠቃለላሉ። «ኳ» ከ«ከ» ዘር ስለሆነ ከመስከረም ውስጥ «ኳስ» ይወጣል። በቀላሉ የማይታይ ቃል ነውና ያገኘው ሰው ደስ ይለዋል።

እዚህ ላይ ሳይለዩ መታለፍ የሌለባቸው ፊደላት አሉ። «ሸ» የ«ሰ»ን መልክ ይዞ ከላይ ምልክት ቢጨመርበትም ራሱን የቻለ ዘር ነው። ቸ እና ተ፣ ኘ እና ነ፣ ጀ እና ደ፣ ጨ እና ጠም እንደዚሁ ይለያያሉ። «ርካሽ» ወይም «ሹካ» ብሎ ከመስከረም ያወጣ ሰው ፊደሉን በመልኩ አይቶ ተሳስቷል። በጆሮ ቢሰማው ሁለቱ እንደማይገናኙ ያውቃል። የፊደል ገበታ ከሰሌዳው ጎን ቢሰቀል ይህ ክርክር ሳይነሳ ያልቃል።

አራተኛው ደንብ ውድድሩን ከጎርፍ የሚከላከል ግድብ ነው። ድምፁን ስንለቅ ቃላት ብቻ ሳይሆኑ እርባታዎችም ይለቀቃሉ። ከ«ስም» ተነስቶ «ስሜ» እና «ስሙ» ማለት ይቻላል። «ኪስ» ኪሴና ኪሱ ይሆናል። ከ«ሰማ» ደግሞ «ስማ፣ ስሚ፣ ስሙ» ይወጣል፤ ከ«ሳመ» «ሳም፣ ሳሚ፣ ሳሙ» ይከተላል፤ «ሰከሩ»፣ «ከሰሩ»፣ «መከሩ» እያለ ወረቀቱ ይሞላል። ይህን ዘዴ የያዘ ተጫዋች አንድ አዲስ ቃል ሳያስብ መጨረሻውን ብቻ እየለዋወጠ ሁሉንም ያሸንፋል። ጨዋታው የቃል ፍለጋ መሆኑ ቀርቶ የእርባታ ሠንጠረዥ መሙላት ይሆናል።

ስለዚህ ስም የእኔ፣ የእሱ ወይም የብዙ ምልክት ሳይጨመርበት ይጻፋል። ግስ ደግሞ መዝገበ ቃላት በሚያስቀምጠው በ«ሰከረ» መልክ ይገባል። አስተባባሪው «መስከር» የሚለውንም መልክ የጨመረው በምክንያት ነው። በ«መ» የሚጀምር እናት ቃል ሲመጣ አንዱን ግስ ብቻ በሁለት መልክ ለመጻፍ የሚሮጥ ሰው አይጠፋም፤ ከሰረና መክሰር፣ መከረና መምከር፣ ሞከረና መሞከር እያለ ይቀጥላል። «ከአንድ ግስ አንዱ ብቻ» የሚለው ያንን ዘግቶ በምትኩ ምርጫ ሰጠ። ተጫዋቹ ከሁለቱ መልኮች የትኛው እንደሚበጀው ማሰብ አለበት። ከግሱ የተገኙ ስሞች ግን ራሳቸውን የቻሉ ቃላት ናቸውና ስካርና ሰካራም ለየብቻ ይቆጠራሉ።

የምርጫው ፍሬ በዚሁ በመስከረም ላይ ይታያል። ብዙ ሰው «መሰከረ» ብሎ ጽፎ አራት ነጥብ ይቆጥራል። ትንሽ ቆም ያለ ተጫዋች ግን ሁለተኛው «መ» ሥራ ፈትቶ እንደቀረ ያያል። በመጀመሪያው ላይ ሲጨምረው «መመስከር» ይሆናል። መ፣ መ፣ ሰ፣ ከ፣ ረ፤ አንድም የተረፈ፣ አንድም የጎደለ የለም። አምስት ነጥብ ከነተጨማሪው አምስት፣ አሥር ይሆናል። እንዲህ ያለ ቃል የሚገኘው ፊደሎቹን በተርታ በማንበብ ሳይሆን ቦታቸውን እያቀያየሩ ወረቀት ጥግ ላይ በመጻፍ ነው። ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች ዘሮቹን በክብ የሚጽፉት ለዚህ ነው፤ የእናት ቃሉ ቅደም ተከተል ዓይናቸውን አይዘውም።

የባዕድ ቃልን በተመለከተ አስተባባሪው በር አልዘጋም። ከመስከረም ውስጥ ኮርስ፣ ክሬም፣ ሲም እና ማስክ ይወጣሉ። አንድ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ «ሲም» አማርኛ አይደለም ቢባል አይገባውም፤ በየቀኑ የሚጠራው ነውና። በሌላ በኩል ካስማን፣ ምሳርንና ምርኮን ቶሎ የሚያስታውሱት ትልልቆቹ ናቸው። ጥንዱ ከትልቅና ከልጅ እንዲሆን የተፈለገውም በዚህ ምክንያት ነው። አንዱ ከእርሻና ከጓዳ፣ ሌላው ከትምህርት ቤትና ከስልክ ቃል ያመጣል። እጅ ማውጣቱም ውሳኔውን ከዳኛው ትከሻ ላይ አንስቶ ለአዳራሹ ይሰጣል፤ የተሸነፈም በአንድ ሰው ላይ አይቀየምም።

ለቀረው ክርክር መዝገበ ቃላት ያስፈልጋል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማዕከል በ1993 ዓ.ም. ያሳተመው ለዚህ ይመቻል። የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት የገጠርና የጥንት ቃላት ሲመጡ ይበልጥ ይረዳል፤ ነገር ግን ቃላቱ የተደረደሩት በአበገደ ተራ ስለሆነ፣ በሀሁ ተራ የለመደ ሰው በችኮላ ሲፈልግ ይጠፋበታል። በጨዋታው ላይ አንድ መጽሐፍ ብቻ ዳኛ ይሁን። ሁለት መጽሐፍ ከቀረበ ተከራካሪው የሚስማማውን ይመርጣል።

ነጥብ አቆጣጠሩን በአንድ ወረቀት እንፈትሽ። አንድ አያትና የልጅ ልጃቸው እነዚህን 16 ቃላት ጽፈው አቀረቡ እንበል፦ ስም፣ ማር፣ ኳስ፣ ሥራ፣ ስራ፣ ምክር፣ ከረመ፣ ሙከራ፣ ምስር፣ ክራር፣ ርካሽ፣ ሮም፣ ሚስማር፣ ምስክር፣ መሰከረ፣ መመስከር። ወረቀቱ የሚታረመው አጠገባቸው በተቀመጡት ጥንዶች ነው፤ እነሱም የራሳቸውን ለሌላ ይሰጣሉ።

መጀመሪያ የሚሰረዙት ይለያሉ። «ስራ» የ«ሥራ» ድጋሚ ነው። «ክራር» ሁለት «ረ» ይፈልጋል። «ርካሽ» ውስጥ «ሸ» አለ። «ሮም» የከተማ ስም ነው። «መሰከረ» ደግሞ «መመስከር» ስላለ አይቆጠርም፤ ከአንድ ግስ የሚቀረው ብዙ ነጥብ ያለው ነው። አሥራ አንድ ቃላት ቀሩ። ባለ ሁለት ፊደሎቹ አራት ስለሆኑ 8 ነጥብ፣ ባለ ሦስት ፊደሎቹ አራት ስለሆኑ 12 ነጥብ፣ ሚስማርና ምስክር በድምሩ 8 ነጥብ፣ መመስከር ብቻውን 10 ነጥብ ያስገኛሉ። ድምሩ 38 ነው። ከአንድ ቃል የተገኘው ነጥብ ከአራቱ ባለ ሁለት ፊደል ቃላት ድምር ይበልጣል። አስተባባሪው የፈለገውም ይህንኑ ነው፤ ረጅም ቃል ለማግኘት የታገለ ሰው ድካሙ ይቆጠርለታል፣ አጫጭሩን ብቻ የለቀመውም ባዶውን አይቀርም።

ደንቡ በወረቀት የማይፈታው ነገርም አለ። አማርኛ ሲጻፍ መጥበቅና መላላት አይታይም። «ገና» ጠብቆም ላልቶም ይነበባል፤ ትርጉሙ ቢለያይም አጻጻፉ አንድ ነው። «ዋና»ም እንዲሁ ነው። ሁለት ትርጉም ስላለው ሁለት ጊዜ ይቆጠርልኝ የሚል ሰው መምጣቱ አይቀርም። በጽሑፍ ውድድር ዳኛው የሚያየው ወረቀቱን ስለሆነ አንድ አጻጻፍ አንድ ቃል ነው። ደብዳቤው ይህን አልጻፈውም። አስተባባሪው ገና በመጀመሪያው እሁድ ጨዋታው ሳይጀመር ቢናገረው ይሻላል፤ ክርክሩ ከተነሳ በኋላ የሚነገር ደንብ ለአንዱ ያደላ ይመስላል።

ከደንቦቹ ሁሉ የማይጻፈው፣ ግን በየሳምንቱ የሚሠራው ሥራ እናት ቃል መምረጥ ነው። ፊደሎቹ ብዙ ስለሆኑ ብቻ ቃሉ ጥሩ አይሆንም። «ደብዳቤ» አራት ፊደል አለው፤ ዘሮቹ ግን ደ እና በ ብቻ ናቸው። ዳቦ፣ ዱባ፣ ድብ፣ ባዶ፣ ባዳ ብለን፣ ድባብንና ጥቂት ሌሎችን ስንጨምር ብዙም አንሄድም። «ጳጳስ»ማ ከዚያም ይብሳል። ጥሩ እናት ቃል አራት ወይም አምስት የተለያዩ ዘሮች ይኖሩታል፤ ከነዚህም አብዛኞቹ በንግግራችን ውስጥ የሚመላለሱት እንደ መ፣ ረ፣ ለ፣ ሰ፣ ነ፣ ተ፣ ደ ያሉት ናቸው። «አ» የገባበት ቃል ደግሞ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አስከረ፣ አመከረ እያለ በብዙ ግሶች ፊት «አ» ለመለጠፍ የሚሞክር ስለሚበዛ ዳኛው በመዝገበ ቃላት ሲገላበጥ ይመሻል። አስተባባሪው ቃሉን ይዞ ቅዳሜ ማታ ራሱ አሥር ደቂቃ ይሞክረው። ሃያ ቃል ካላገኘበት ይተወውና ሌላ ይፈልግ።

ውድድሩ ከተጀመረ በኋላም ደንቡ እየሠራ መሆኑን የሚያሳይ አንድ ምልክት አለ። ማረሚያው ከመጻፊያው ጊዜ የረዘመ እንደሆነ አንዱ ደንብ ግልጽ አይደለም ማለት ነው። የትኛው ቃል ላይ እንደቆሙ አስታውሶ ለሚቀጥለው ሳምንት አንድ ዓረፍተ ነገር መጨመር ወይም ማሳጠር ይበቃል። ሰባተኛና ስምንተኛ ደንብ ማብዛት ግን አዲስ የሚመጣውን ሰው ያስፈራዋል። ስድስቱ በአንድ ትንፋሽ የሚነበቡ እንደሆኑ ይቆዩ።

መሞከር ለሚፈልግ አንባቢ ለሁለተኛው እሁድ የሚሆን እናት ቃል ይኸውና፦ «መንደር»። ዘሮቹ መ፣ ነ፣ ደ እና ረ ናቸው። ደንና ዱር፣ ዶማና ሞረድ፣ ምድርና ድምር፣ ዶሮም ሳይቀር እዚያ ውስጥ አሉ። «አድማ» ግን የለም፤ «አ» አልተሰጠችም። «ዶሮ» ሁለት የተለያዩ ዘሮች እንጂ የተደጋገመ ፊደል የለውምና አትሰርዙት። እርሳስ አንሱ፣ ሰዓት ያዙ፣ ሃያ ቃል ካለፋችሁ እናንተም በሰፈራችሁ ይህንኑ ደብዳቤ ለመጻፍ ዝግጁ ናችሁ።